ጥቅላችሁን ከሎከር ወይም ከመረከቢያ ሱቅ መውሰድ፦ ቀነ ገደቡ እንዴት ይቆጠራል? ካለፈስ?

«ጥቅልዎ ደርሷል፤ በ3 ቀን ውስጥ ይውሰዱ።» እንዲህ ያለ መልእክት ስልካችሁ ላይ ይገባል። ግልጽ ይመስላል። ግን 3 ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ቅዳሜና እሁድ ይገባሉ? ሦስተኛው ቀን የሚያበቃው ሱቁ ሲዘጋ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ? የብዙ ሰው ጥቅል ወደ ላኪው የሚመለሰው ባለቤቱ ረስቶት አይደለም። ገና ጊዜ ያለው መስሎት ነው።

ሎከር ማለት ጥቅል ተቆልፎበት በኮድ ወይም በአፕ የሚከፈት የሳጥኖች መደዳ ነው፤ መክፈቱ ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለቀነ ገደቡ ነው፦ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሊያመልጣችሁ ሲል ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ካመለጠ ደግሞ ጥቅሉም ገንዘባችሁም ወዴት እንደሚሄዱ።

መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት

ከመልእክቱ ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቦታውን፣ ኮዱንና የመጨረሻውን ቀን።

ቦታውን አውቀዋለሁ ብላችሁ አትለፉት። ስታዙ የመረጣችሁት ሎከር ሞልቶ ከሆነ፣ ወይም ጥቅሉ ለሳጥኖቹ ከተለቀ፣ አድራሹ እዚያው አካባቢ ወዳለ ሌላ ሎከር ወይም ሱቅ ሊወስደው ይችላል። መልእክቱ ላይ የሚጻፈው አዲሱ ቦታ ነው። ሰው ግን የመረጠውን ስለሚያስታውስ አድራሻውን ሳያይ ይሄዳል። ኮዱን ያስገባል፣ ማሽኑ አልቀበልም ይለዋል፣ ደግሞ ያስገባል። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ ሎከሩ ነው ሌላ። አንዳንድ ቦታ የሁለትና የሦስት ድርጅት ሎከሮች ጎን ለጎን ስለሚቆሙም በቀለም ብቻ አትለዩ። አብዛኞቹ ላይ የሎከሩ ስም ወይም ቁጥር ተለጥፏል። ከመልእክቱ ጋር አስተያዩት።

ኮዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመከታተያ ቁጥርና የመክፈቻ ኮድ አንድ አይደሉም። የመከታተያ ቁጥሩ ረጅም ነው፤ ጥቅሉ ከላኪው ከተነሳ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። የመክፈቻ ኮዱ ግን ጥቅሉ ሎከር ሲገባ የሚወለድ አጭር ቁጥር ወይም ኪውአር ኮድ ነው። ማስታወሻ መልእክት እየደጋገመ ከመጣላችሁና ኮዶቹ ከተለያዩ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ነው።

የመጨረሻው ቀን በቀን ቁጥር ከተጻፈ እሰየው። 05/06 ዓይነት ሲሆን ግን የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር እንደሆነ አረጋግጡ፤ አጻጻፉ ከአገር አገር ይለያያል። ሰዓትም ካለበት በእኛ አቆጣጠር ቀይሩት። 18:00 ማለት ምሽት 12 ሰዓት ነው። 23:59 ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

አሁን ቀኑን እንቁጠር

መልእክቱ «በ3 ቀን ውስጥ» ብቻ ካለ ሥራው የእናንተ ነው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰላም ጫማ አዘዘች እንበል። አድራሹ ጥቅሉን ሎከር ውስጥ የከተተው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ነው። መልእክቱ ወዲያው ወጥቷል። እሷ ግን ስልኳ ጠፍቶ ስለነበር ያየችው ዓርብ ጠዋት ነው።

የመጀመሪያው ነገር፣ ሰዓቱ የሚጀምረው ሰላም መልእክቱን ካየችበት አይደለም። አድራሹ ጥቅሉን ስካን አድርጎ በሩን ከዘጋበት ቅጽበት ነው። ዓርብ ጠዋት ላይ ሳታውቀው ግማሽ ቀን ያህል አልፏታል።

ከዚያ በኋላ ያው «3 ቀን» አራት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ድርጅቱ በሰዓት የሚቆጥር ከሆነ 72 ሰዓት ነው፤ የሰላም ኮድ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ይሞታል። በቀን የሚቆጥርና የገባበትን ቀን የማይጨምር ከሆነ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሁድ ሦስት ይልና እሁድ እኩለ ሌሊት ያበቃል። የገባበትን ቀን እንደ አንድ ከቆጠረ ግን ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ብሎ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋባታል። የሥራ ቀን ብቻ የሚቆጥር ከሆነና ቅዳሜና እሁድ ካልተቆጠሩ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ይሆናል፤ እስከ ማክሰኞ አላት ማለት ነው። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ! ያው አንድ ጥቅል፣ ያው አንድ መልእክት።

የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም። የሚታወቀው መከታተያ ገጹ ላይ ነው። ቁጥሩን የአጓጓዡ አፕ ወይም ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ጥቅሉ `Ready for pickup` ወይም `Available for Pickup` የሚለው ደረጃ ላይ መድረሱን እዩ። ከጎኑ የገባበት ቀንና ሰዓት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የመጨረሻው ቀንም ይጻፋል። እሱ ከሌለ አጭሩን ቁጥር ያዙ። ሰላም ቅዳሜን የመጨረሻ ቀኗ አድርጋ ብትይዝ በአራቱም አቆጣጠር አታፍርም።

ገደቡ ከድርጅት ድርጅት በጣም እንደሚራራቅም እወቁ። የፖላንዱ ኢንፖስት በሎከሮቹ የሚሰጠው 48 ሰዓት ነው። አማዞን ሎከር 3 ቀን ይሰጣል። የጀርመኑ ዲኤችኤል ፓክስቴሽን በሚባሉት ሎከሮቹ 7 ቀን ይሰጣል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተራ ጥቅልን 15 ቀን፣ የእንግሊዙ ሮያል ሜይል ደግሞ 18 ቀን ያቆያል። ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ይታያል፦ ሎከር ከሁሉም አጭር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሎከር ላይ ያሉት ሳጥኖች የተቆጠሩ ናቸው። የእናንተ ጥቅል አንዱን ይዞ በቆየ ቁጥር አድራሹ ነገ ይዞት የሚመጣው የሌላ ሰው ጥቅል ቦታ ያጣል። ፖስታ ቤት ግን መደርደሪያ ያለው መጋዘን ስላለው ሊታገሥ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ከፖስታ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ወስጄ ነበር ብላችሁ በዚያ ልማድ ሎከርን አትጠብቁ።

ሲደርሳችሁ የምትከፍሉት ጥቅል ከሆነ ወይም የሚበላሽ ነገር ከሆነ የሚሰጣችሁ ጊዜ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። ለሱ መልእክቱን በተለይ እዩ።

ሎከሩ ጋ ስትደርሱ

ስክሪን ያለው ሎከር ከሆነ «መውሰድ» የሚለውን ነክታችሁ ኮዱን ታስገባላችሁ ወይም ኪውአሩን ታስነብባላችሁ። ስክሪን የሌለውም አለ። እሱ የሚከፈተው በአፕ ነው፤ ስልካችሁ በብሉቱዝ ከሎከሩ ጋር ይነጋገራል። እንዲህ ላለው አፑን ቤት ሆናችሁ ጫኑ፣ ግቡበት፣ ጥቅላችሁ እዚያ ውስጥ መታየቱን አረጋግጡ። ሎከሩ ፊት ቆሞ የይለፍ ቃል መፈለግ፣ በዚያ ላይ ባትሪ 3 ከመቶ ሲል፣ ያናድዳል።

ኪውአሩ እምቢ ካለ መጀመሪያ የስልኩን ብርሃን ጨምሩ። ፀሐይ በቀጥታ ማንበቢያው ላይ ካረፈ በእጃችሁ ጋርዱት። ካልሆነ ቁጥሩን በእጅ አስገቡ፤ ከኪውአሩ ሥር ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እየደጋገማችሁ የተሳሳተ ኮድ አትሞክሩ፤ ማሽኑ ለጊዜው ሊቆልፍባችሁ ይችላል።

በሩ ሲከፈት ሳጥኑን እስከ ጥጉ እዩ። ትንሽ ፖስታ በትልቅ ሳጥን ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወይም ጎኑ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፣ በተለይ ሳጥኑ ከዓይናችሁ በላይ ወይም መሬት አጠገብ ከሆነ። እጃችሁን ከትታችሁ ዳብሱ። ይህን የምለው በሩ አንዴ ከተከፈተ ሥርዓቱ «ተወስዷል» ብሎ ስለሚመዘግብ ነው። ባዶ መስሏችሁ ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ጥቅሉ በመዝገብ ላይ የለም፤ በአካል ግን ውስጥ ነው። አንዳንድ አፕ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ሳጥኑን እንደገና የሚከፍት ቁልፍ ስላለው ሁለተኛ ዕድል ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁሉም ግን የለውም።

እውነትም ባዶ ከሆነ በሩን አትዝጉት። ክፍት እንደሆነ የሳጥኑ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና እዚያው ቆማችሁ ሎከሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ደውሉ። ከቤት ሆኖ ነገ «ባዶ ነበር» ማለትና አሁን ፊቱ ቆሞ ማለት አንድ ክብደት የለውም። ሰዓቱ ከመዝገቡ ጋር ስለሚገጥም ከቦታው የሚደወለው በቶሎ ይታመናል። የሌላ ሰው ጥቅል ካገኛችሁም እንደዚያው፦ አትውሰዱት፣ ደውሉ። ምናልባት የናንተው ደግሞ በሱ ሳጥን ውስጥ ይሆናል።

በሩ ከነጭራሹ ካልተከፈተና ማሽኑ ተበላሽቷል ካለ ደግሞ ያንን ስክሪን ፎቶ አንሱ። ቀነ ገደባችሁ በማሽኑ ብልሽት ምክንያት ቢያልፍ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ሱቅ ከሆነ

እዚህ ዋናው ጉዳይ መታወቂያ ነው። ብዙ ቦታ ኮዱ ብቻ አይበቃም፤ ጥቅሉ ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም መግጠም አለበት። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው። ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት ተጽፎ፣ ስናዝ በለመድነው በሌላ ዓይነት እንጽፈዋለን። አንድ ፊደል ቢለያይ ባለሱቁ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ቅጽል ስም ወይም የመጀመሪያ ስም ብቻ ከጻፋችሁ ግን «ይህ ሰው አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» ቢል አይፈረድበትም። ስታዙ ስማችሁን ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው ጻፉ።

ሌላው የሱቁ የሥራ ሰዓት ነው። ቀነ ገደቡ እሁድ እኩለ ሌሊት ነው ቢባልም ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት የሚዘጋና እሁድ የማይከፍት ከሆነ የናንተ ገደብ ቅዳሜ ነው። ሱቁ ክፍት ሆኖ የጥቅል አገልግሎቱ ቀደም ብሎ የሚያበቃበትም ቦታ አለ፤ ያንን የሚሠራው አንድ ሠራተኛ ሲወጣ መስኮቱ ይዘጋል።

መድረስ እንደማትችሉ ካወቃችሁ

ሁሉም አማራጭ ያለው ገደቡ ከማለፉ በፊት ነው። ካለፈ በኋላ አብዛኛው በር ይዘጋል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ማታ ሳይሆን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ወስኑ።

በጣም ቀላሉ ሰው መላክ ነው። ለሎከር ኮዱን ማስተላለፍ ይበቃል፤ ሎከር ሰው አይለይም። በአፕ ብቻ ለሚከፈተው ግን በአፑ ውስጥ ጥቅሉን ለሌላ ሰው ማጋራት ይቻል እንደሆነ እዩ። ለሱቅ ወይም ለፖስታ ቤት የውክልና ወረቀት ይጠየቃል። ጠበቃ ጋ የሚያስኬድ ነገር አይደለም። የናንተን ስም፣ የተወካዩን ስም፣ የመከታተያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ፊርማችሁን የያዘ ማስታወሻ ነው። ተወካዩ የራሱን መታወቂያ ይይዛል፤ የናንተንም ቅጂ ቢይዝ ጥሩ ነው። ለራሱ ለተቀባዩ ብቻ ተብሎ የተላከ ጥቅል ግን በውክልና አይሰጥም።

ሁለተኛው ማራዘም ነው። አንዳንድ ድርጅት በአፑ አንድ ጊዜ ያራዝማል፤ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ። ቁልፉ የሚታየው ጥቅሉ ገና ሎከር ውስጥ እያለ ነው። ሦስተኛው ወደ ሌላ ቦታ ማስዛወር ነው፤ ይኼኛው ግን ጥቅሉ አንዴ ሎከር ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። የሚሠራው ገና መንገድ ላይ እያለ ነው።

ስለ ማራዘም ካነሳን አይቀር፦ «የጥቅልዎ ጊዜ ሊያልፍ ነው፣ ለማራዘም እዚህ ተጭነው ይክፈሉ» የሚል መልእክት የአጭበርባሪዎች የታወቀ ዘዴ ነው። የሚፈልጉት ያቺን ትንሽ ክፍያ ሳይሆን የካርዳችሁን ቁጥር ነው። መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኩ። አፑን ራሳችሁ ክፈቱና የመከታተያ ቁጥሩን አስገቡ። እውነተኛ ማራዘሚያ ካለ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ገደቡ አለፈ። ጥቅሉ አሁን የት ነው?

ወደ ሰላም እንመለስ። ሰኞ ጠዋት ሎከሩ ጋ ደረሰች። ኮዷ አይሠራም። ጥቅሉ ግን እውነት ሄዷል?

የግድ አይደለም። ኮዱ የሚሞተውና ጥቅሉ የሚወጣው በአንድ ሰዓት አይደለም። ኮዱን የሚያጠፋው ኮምፒውተር ነው፤ ጥቅሉን የሚያወጣው ግን ሰው ነው። አድራሹ በሚቀጥለው ዙሩ አዳዲስ ጥቅል ሊያስገባ ሲመጣ ሎከሩ ጊዜ ያለፈባቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ ይከፍትለታል። እሱም አውጥቶ ስካን ያደርጋል። እሁድ ማታ ያለፈበት ጥቅል አድራሹ ሰኞ ከሰዓት የሚመጣ ከሆነ ሰኞ ጠዋት እዚያው በሩ ጀርባ ነው።

ለዚህ ነው ቶሎ መደወል የሚጠቅመው። መጀመሪያ መከታተያውን እዩ። የመጨረሻው ስካን አሁንም ሎከሩ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ነገር ከሌለ፣ ጥቅሉ አልተነሳም ማለት ነው። ለደንበኞች አገልግሎት ደውሉና የመከታተያ ቁጥሩን፣ የሎከሩን ስምና ትእዛዙ ላይ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር ስጡ። «ጥቅሉ ገና ከሎከሩ አልወጣም፣ አዲስ ኮድ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ሥርዓታቸው አይፈቅድም። ግን «ጥቅሌ የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ «እየተመለሰ ነው» ብቻ ነው።

ሱቅ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ግን የበለጠ ያበሳጫል፤ ምክንያቱም ጥቅላችሁን መደርደሪያው ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። «ያውና! ስጠኝ» ትላላችሁ። ባለሱቁ ግን ስካን ሲያደርገው ማሽኑ «ለመመለስ» ይለዋል። ያለ ስካን ከሰጣችሁ ጥቅሉ በሱ እጅ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ተጠያቂው እሱ ይሆናል። ከሱ ጋር መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም። እዚያው ቆማችሁ ለአጓጓዡ ደውሉ። ማእከሉ ሁኔታውን ከቀየረው ያው ስካነር ይቀበለዋል። ካልቀየረው ባለሱቁ ምንም ማድረግ አይችልም።

ጥቅሉ አንዴ ከተነሳ ወደ ማከፋፈያ መጋዘን ይሄዳል። አንዳንድ ድርጅት እዚያ ለጥቂት ቀን መጥታችሁ እንድትወስዱ ይፈቅዳል። መከታተያው ላይ `Return to Sender` ወይም `Unclaimed` ሲመጣ ግን ጉዞው ተጀምሯል። ከዚህ ወዲያ ጥቅሉን ማስቆም የሚችለው በአብዛኛው ላኪው ነው። አጓጓዡን የቀጠረውና የከፈለው እሱ ስለሆነ ትእዛዝ የሚቀበሉትም ከሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ ደረጃ በኋላ አጓጓዡ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ለሻጩ ጻፉ።

ከሌላ አገር የመጣ ጥቅል ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዓለም አቀፍ ጥቅል ሲላክ ላኪው ጉምሩክ ፎርሙ ላይ ጥቅሉ ካልተረከበ ምን ይሁን ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ቦታ ሊኖር ይችላል፦ ይመለስልኝ ወይም እንደተተወ ይቆጠር። ዕቃው ርካሽ ሆኖ የመመለሻው ወጪ ከዋጋው የሚበልጥበት ላኪ «ይተው» ሊል ይችላል። ያኔ ጥቅሉ አይመለስም፤ እናንተም አታገኙትም። ወዳጅ ዘመድ ለእናንተ የሚልክ ከሆነ ያንን ሳጥን አይቶ «ይመለስልኝ» የሚለውን እንዲመርጥ ንገሩት።

መመለሻ አድራሻው የተፋቀ ወይም የውሸት ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ባለቤት ወደሌላቸው ዕቃዎች ማእከል ይገባል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እንዲህ ያለው ማእከል አትላንታ ነው፤ የሮያል ሜይል ቤልፋስት ውስጥ ነው። እዚያ ጥቅሉን ከፍተው አድራሻ ይፈልጋሉ። የላኪና የተቀባይ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ውስጡ ካለ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ካልተገኘ ዋጋ ያለው ዕቃ በጨረታ ሊሸጥ ይችላል።

ገንዘቡስ?

አጓጓዡ ለእናንተ አይከፍልም። እሱ ሥራውን ሠርቷል፤ አድርሷል፣ ጠብቋል፣ መልሷል። ገንዘብ የሚመልሰው ሻጩ ነው። ይህም ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። ትልልቅ መድረኮች አንዳንዶቹ ጥቅሉ ተመልሶ እንደገባ ሳትጠይቁ ይመልሱላችኋል። ትንንሽ ሻጮች ግን የመላኪያውንና የመመለሻውን ወጪ ቀንሰው ሊመልሱ ወይም እንደገና ለመላክ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። የሻጩ ደንብ ውስጥ «ያልተረከበ ጥቅል» የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ «መመለስ» ከሚለው ብዙ ጊዜ ተለይቶ ነው የሚጻፈው።

የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላላችሁ አንድ የሚሸውድ ነገር አለ። ከኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ የመተው መብት አላችሁ። ብዙ ሰው ታዲያ «አልፈለግሁትም፤ ሎከር ውስጥ ልተወው፤ በራሱ ይመለሳል» ይላል። ሕጉ ግን ሐሳባችሁን መቀየራችሁን በግልጽ ለሻጩ እንድትነግሩት ይፈልጋል። ጥቅል አለመውሰድ ብቻውን መግለጫ አይደለም። ካልፈለጋችሁት ሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ፦ የትእዛዝ ቁጥሬ ይህ ነው፣ ግዢውን ሰርዣለሁ። ያኔ ጥቅሉ ሲመለስ ገንዘባችሁን የምትጠይቁት በመብት ነው።

ሲደርስ የሚከፈልበት ጥቅል ከሆነ ገንዘብ ስላልወጣ የሚመለስ የለም። ሻጩ ግን የሁለት መንገድ ወጪ ከኪሱ ስለሄደ በሚቀጥለው «አስቀድመህ ክፈል» ሊላችሁ ይችላል። የጉምሩክ ቀረጥ ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከነበረ ደግሞ ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ቢመልስም ቀረጡ በራሱ አይመለስም፤ እሱን ለብቻው ከጉምሩክ ወይም ቀረጡን ከሰበሰበው አጓጓዥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሻጩ ስትጽፉ ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። የትእዛዝ ቁጥር፣ የመከታተያ ቁጥር፣ ጥቅሉ የተነሳበት ቀን፣ የምትፈልጉት ነገር፦ እንደገና ይላክልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ። ሁለቱንም በአንድ ላይ አትጻፉ፤ ሻጩ ለሱ የሚቀለውን ይመርጣል። ከመከታተያ ገጹ ላይ ሙሉውን ጉዞ የሚያሳይ ስክሪንሾት አያይዙ። ይህን አሁኑኑ አስቀምጡት፤ አንዳንድ አጓጓዥ የድሮ ጥቅሎችን መረጃ ከጊዜ በኋላ ከገጹ ያነሳል።

ከዚያ መከታተያውን አልፎ አልፎ እያያችሁ የመመለሻውን የመጨረሻ ስካን ጠብቁ። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ጥቅሉ ላኪው እጅ መግባቱን ገጹ ከጻፈ በኋላ ሻጩ «አልደረሰኝም» ቢል ያንን መስመር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ላኩለት። አሁንም ዝም ካለ በካርድ ከፍላችሁ እንደሆነ ወደ ባንካችሁ ሄዳችሁ ክፍያውን ተቃወሙ። ባንኩ ለተቃውሞ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ስለዚህ ሻጩ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሲያጓትታችሁ ያንንም ቀን ጎን ለጎን ቁጠሩ።